ያውቁ ኖሯል? አብሽ ጀርመንን ያመሰበት ግንቦት

በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጀርመንን ያስጨነቀው፣ ከ3,800 በላይ ሰዎችን ያሳመመውና ከ50 በላይ የገደለው ወረርሽኝ ምንጩ አብሽ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? በስጋም፣ በወተትም፣ በእንቁላልም አልመጣም። ያ ሽሮና በርበሬ ውስጥ የምንጨምረው፣ አራስ የምትጠጣው፣ ከእጃጂ ገበያ በጣሳ ተሰፍሮ የሚገዛው ዓይነት ፍሬ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ጀርመኖቹ አብሹን አብቅለው ቡቃያውን በጥሬው ሰላጣ ላይ በትነው ነበር የበሉት።

መጀመሪያ የተወነጀለው ዱባ መሳዩ ኪያር እንደነበርስ? ግንቦት 18 ቀን የሃምቡርግ ከተማ ጤና ባለሥልጣናት ከስፔን በመጣ ኪያር ላይ ኢ.ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ አገኘን ብለው አወጁ። አገሩ ሁሉ ኪያርና ቲማቲም መግዛት አቆመ፤ የስፔን ገበሬ ምርቱን ጣለ። ኋላ ሲመረመር ኪያሩ ላይ የተገኘው ባክቴሪያ ሰው ከሚገድለው ጋር ስሙ እንጂ ዝርያው አንድ አልነበረም። ሰው የገደለው ኦ104 የሚባለው ዝርያ ነበር።

ወንጀለኛውን ያገኙት ሐኪሞች ሳይሆኑ ወጥ ቤቶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የታመሙት ሰዎች «ምን በላችሁ?» ሲባሉ ኪያር፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ ይላሉ። በቆልት መብላቱን ያስታወሰው ከአራቱ አንድ ያህል ብቻ ነበር። ሳህን ላይ ለማሳመሪያ የተበተነች ቡቃያ ማን ልብ ይላል? መርማሪዎቹ ታዲያ ዘዴ ቀየሩ። በአንድ ምግብ ቤት አብረው የበሉ ቡድኖችን ፈልገው፣ እያንዳንዱ ሰው ያዘዘውን ከደረሰኝና ከፎቶ አጣርተው፣ ወጥ ሠሪውን «ይህ ምግብ ምን ምን ይገባበታል? ምን ያህል?» ብለው ጠየቁት። በቆልት ያለበት ሳህን የቀረበላቸው ሰዎች ካልቀረበላቸው ይልቅ የመታመም ዕድላቸው 14 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከታመሙት መካከል በቆልት ያልቀረበለት አንድም ሰው አልነበረም።

በቆልቱ የመጣው ቢነንቡተል ከምትባል መንደር አጠገብ ካለ እርሻ ነው። ይሁን እንጂ እርሻው ብዙ ዓይነት ፍሬ ያበቅል ስለነበር የቱ እንደሆነ አልታወቀም። ይህን የፈታችው ፈረንሳይ ናት። በዚያው ዓመት ሰኔ ቦርዶ አጠገብ ባለች ቤግል በምትባል ከተማ፣ በአንድ የልጆች ማዕከል ግብዣ ላይ የተገኙ ሰዎች በዚያው ዝርያ ታመሙ። ማዕከሉ ከጀርመኑ እርሻ ምንም አልገዛም፤ ዘሩን ከአትክልት መሸጫ ገዝቶ እዚያው ያበቀለው ነው፤ ያበቀለውም አብሽ፣ ሰናፍጭና ሮኬት የሚባለውን ቅጠል ነበር። ሁለቱን አገሮች የሚያገናኝ ሆኖ የተገኘው አብሽ ብቻ ነው። የሁለቱም አብሽ ዱካ ሲፈለግ ከግብፅ በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በመርከብ የተላከ 15 ቶን የሚሆን አንድ ጭነት ላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ያንን ዘር ከገበያ አስወጥቶ አስወገደ፤ ከግብፅ የሚገባውንም ለተወሰነ ጊዜ አገደ።

ይህን ታሪክ ሁለት ነገር ያስከብደዋል። ባክቴሪያው በደረቅ ፍሬ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፤ መድረቅ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ሁለተኛው ደግሞ ከዘሩ ናሙና እየተወሰደ ብዙ ቢመረመርም ባክቴሪያው አልተገኘም። ብክለቱ ጭነቱን ሁሉ እኩል አያዳርስም፤ አንዱ ጆንያ ውስጥ አንድ እፍኝ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ዘሩ ተመርምሮ ነጻ ነው» የሚል ወረቀት ማጽናኛ እንጂ ዋስትና አይደለም።

አንዲት ባክቴሪያ በአንድ ቀን ስንት ትሆናለች? በየሰዓቱ አንዴ ብቻ ብትራባ እንኳ በ24 ሰዓት ከ16 ሚሊዮን ታልፋለች። ሙቀትና እርጥበት በተመቻቸበት ቦታ ደግሞ ኢ.ኮላይ በየ20 እስከ 30 ደቂቃው ይራባል። ምግቡ ሲያልቅበት ወይም ቦታው ሲጣበብ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ፣ ፍሬው ተዘፍዝፎ ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ቁጥሩ በሺህና በአሥር ሺህ እጥፍ ማደጉ የተለመደ ነው። ፍሬ ለመብቀል የሚፈልገው ሙቀትና እርጥበት ባክቴሪያውም የሚፈልገው ነው። ሌላው ጥሬ አትክልት፣ ጎመንም ቢሉ ሰላጣ፣ ማሳ ላይ ቢበከል ያችን ያህሏን ይዞ ይመጣል፤ በቆልት ግን እያባዛ ያድጋል። ለዚህ ነው በአትክልት ሁሉ መካከል ለብቻው የሚጠራው።

አትጠራጠሩ፣ ሽታውም መልኩም አይነግራችሁም። የተበላሸ በቆልት ይዝለገለጋል፣ ይሸታል፤ ያ ግን የሚያበሰብሱት ሌሎች ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ኢ.ኮላይና ሳልሞኔላ በሚሊዮን ተቀምጠውበት ነጭ፣ ጥርት ያለ፣ ሲነከስ ቀጭ የሚል ሊሆን ይችላል።

ታጥቦስ? አይሆንም። የፍሬው ልጣጭ ስንጥቅ አለው፤ ባክቴሪያው እዚያ ውስጥ ይደበቃል፤ ፍሬው ሲበቅልም ከለጋው ሥርና ግንድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሎሚ መጭመቅ፣ ኮምጣጤ መንከር፣ ጨው መነስነስ ከላይ ያለውን ይቀንሱ ይሆናል፤ ውስጥ ያለውን አይነኩም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቆልት አምራቾች ዘሩን ከመዘፍዘፋቸው በፊት እጅግ ጠንካራ በሆነ የክሎሪን ውሃ እንዲያጥቡ ይመክር ነበር፤ መጠኑ ከመጠጥ ውሃ ክሎሪን በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ያም ሆኖ ሁሉንም እንደማይገድል ስለታወቀ፣ ከማብቀያው የሚወርደውን ውሃ ከ48 ሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ወስዶ ማስመርመርም ተጨመረበት። ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ አይታሰብም። ቤት የሚያጥቡበት በረኪናም ለምግብ የተሠራ አይደለምና ማንም እንዳይሞክረው።

«እኔ ራሴ ያበቀልኩት ስለሆነ ንጹሕ ነው» የሚለውን የቤግሉ ታሪክ አፍርሶታል። ብክለቱ ዘሩ ላይ ካለ የማንም እጅ ንጽሕና አያድነውም። ለመዝራት የተዘጋጀ ዘር ደግሞ ከናካቴው ለምግብ አይሁን፤ ተባይ ማጥፊያ የተቀባ ብዙ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። አምቦን አልፎ፣ ጌዶን አልፎ፣ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው እጃጂም ሆነ በዙሪያዋ ያለው ገጠር ማብቀልን ከማንም አልተማረም። ገብስ ወይም በቆሎ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተጠንፍፎ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ብቅል ይሆናል። ጥቅልሉ ሲገለጥ እጅ የሚያሞቅ ሙቀት አለው፤ ፍሬው በራሱ ትንፋሽ ነው የሞቀው። በባክቴሪያ ዓይን ከታየ ከዚህ የተሻለ መኖሪያ የለም። ባቄላና አተርም እንደዚሁ ተዘፍዝፈው ጉንቁል ይሆናሉ።

ታዲያ በብቅልና በጉንቁል ምክንያት አገር ሲታመም ያልታየው ለምንድን ነው? ጥሬውን አንበላውማ! ጉንቁሉ ይቀቀላል ወይም ይቆላል። ብቅሉ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ጠላ ውስጥ ሲገባ የጌሾው፣ የአሲዱና የአልኮሉ ጫና ይጠብቀዋል፤ አረቄ ከሆነ ደግሞ ይነጠራል። ሙያው የተደራጀው ማብቀልን ብቻውን ሳይተው፣ የሚቀጥለውን እሳትና መፍላት አያይዞ ነው። ችግሩ የሚመጣው ማብቀሉን ወስደን እሳቱን ስንተው ነው፤ አሁን በከተማው እንደ አዲስ ጤና ምግብ የሚወራለት የምስር፣ የማሾና የአብሽ ቡቃያ ሰላጣ ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

ስለ ማሾ ካነሳን፣ በቻይና ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ረጅሙ ነጭ በቆልት የማሾ ነው። ትኩስ መጥበሻ ላይ ሁለቴ ገልበጥ አድርጎ ማውጣት የተለመደ አሠራሩ ነው፤ ለጣዕሙ ጥሩ፣ ለደኅንነቱ ግን አጠራጣሪ። ከላይ ቢሞቅም መሐሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ስንት ዲግሪ ይበቃል? ኢ.ኮላይ፣ ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ ውስጡ ድረስ 74 ዲግሪ የደረሰ ምግብ ውስጥ በሰከንዶች ይሞታሉ። እዚህ ላይ ደጋ ላይ ያለን ሰዎች የምናነሳው ጥያቄ አለ፤ ከፍታ ላይ ውሃ ከመቶ ዲግሪ በታች ይፈላል። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ዝቅ የምትለው እጃጂ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ባቄላው ለመብሰል ጊዜ የሚወስደው ለዚህ ነው። ለባክቴሪያዎቹ ግን 92 ዲግሪም ከበቂ በላይ ነው።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው እንዲህ ይለየዋል። በቆልቱን የፈላ ውሃ ወይም ወጥ ውስጥ ጨምሮ፣ ውሃው እንደገና እስኪፈላ ይጠብቅና፣ ከዚያ ለስስ ቡቃያ ጥቂት ደቂቃ፣ እንደ ባቄላ ላለ ወፍራም ደግሞ ፍሬው በጣት ሲጫኑት እስኪፈረክስ ያፍላው። የበሰለ ቡቃያ ቀጭ ማለቱን ትቶ ይልማል፣ ቀለሙም ነጭነቱን ትቶ ያሳልፋል፤ መሐሉ ሲቆረጥ እንፋሎት ይወጣዋል። ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ከላይ መበተን ማብሰል አይባልም። ሾርባ ቢሆን፣ ቡቃያው ከሾርባው ጋር ይፍላ።

ከማብሰሉ በፊት ያለው መንገድም ወጥመድ አለው። መዘፍዘፊያው ውሃ በባክቴሪያ የተሞላ ስለሆነ ሲደፋ ተረጭቶ ቲማቲሙ ላይ ካረፈ፣ የበቆልቱ መብሰል ቲማቲሙን አያድነውም። ጥሬው የተከተፈበት ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳይታጠብ ቃሪያ አይከተፍበት። የበሰለው ጉንቁልም ለነገ ተብሎ ሌሊቱን ጓዳ ቢያድር፣ አዲስ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ተረፈ የተባለው ዳግም እስኪንተከተክ ይሙቅ።

ጥሬውን ፈጽሞ መተው ያለባቸው እነማን ናቸው? ነፍሰ ጡሮች፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ያለፈ፣ እና የሰውነታቸው መከላከያ የደከመ፤ ማለትም ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ፣ የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ለረጅም ጊዜ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት የሚውጡ። የነፍሰ ጡሯ ጉዳይ ለብቻው ከባድ ነው። ሊስቴሪያ እሷን ቀላል ጉንፋን የመሰለ ትኩሳት ብቻ አሳይቷት፣ በእንግዴ ልጁ አልፎ ፅንሱን ሊያስወርዳት ይችላል። ደግሞም ፍሪጅ ውስጥ የሚራባ ባክቴሪያ ነውና «ፍሪጅ ነበር» ማለት አያድንም።

ጤነኛ ጎልማሳስ? የጀርመኑ ወረርሽኝ የሚያስተምረው ይኸንን ነው። ኩላሊታቸው የታመመው ከ800 በላይ ሰዎች አብዛኞቹ ጎልማሶች፣ ከእነሱም አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ሰላጣ አዘውታሪዎቹ እነሱ ስለሆኑ ይመስላል። እንዲህ ያለ ዝርያ ሲመጣ ጉልበት አያድንም።

አራስ ቤት የሚጠጣው አብሽስ? የአብሹ ዱቄት ተበጥብጦ፣ ውሃው ተቀያይሮ፣ ምሬቱ ወጥቶ የሚጠጣው በቆልት አይደለም፤ ፍሬው ተፈጭቷልና አይበቅልም። ነገር ግን ዱቄቱ ጥሬ ነው፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ ሞቅ ያለ ቤት ያድራል። አሁን የሚሠራው ሌላኛው ዓይነት፣ ሙሉ ፍሬውን ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት መዋጥ፣ ለበቆልቱ የቀረበ ነው፤ ቀን ሲጨምር ፍሬው ጅራት ያወጣል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አብሹ አፍልቶ አቀዝቅዞ ቢጠጣ ከልምዱ ብዙም አያጎድልም። ለነፍሰ ጡር ግን በጥሬም ሆነ በበሰለ መልክ በርከት ያለ አብሽ አይመከርም፤ ይህ የባክቴሪያ ሳይሆን የፍሬው የራሱ ነገር ነው።

ለሕፃን ገንፎ የሚጨመር የበቀለ ዱቄት አስደናቂ ሥራ አለው። በቅሎ ደርቆ የተፈጨ ማሽላ ወይም ገብስ ስታርችን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው፤ ከእሱ ጥቂት ማንኪያ ወፍራም ገንፎ ላይ ሲጨመር ገንፎው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥናል። ልጁ ውሃ ሳይሆን ብዙ እህል ያለበትን ምግብ በቀላሉ ይውጠዋል፤ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ያደነቁት ለዚህ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ሂደቱ እዚያ ላይ ሲቆም ነው። ኢንዛይሙ እንዲሠራ ገንፎው ትንሽ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ከዱቄቱ ጋር የመጣው ባክቴሪያ በሙሉ አይሞትም። ስለዚህ ከቀጠነ በኋላ ገንፎው ተመልሶ እሳት ላይ ይወጣና እንደገና ይንተከተክ። ልጁ ከአምስት ዓመት በታች መሆኑን አይርሱ።

ቦሎቄን በጥሬ አብቅሎ የሚበላ ካለ ያቁም! ቀዩ ቦሎቄ ያለባክቴሪያም የሚያስመልስ የተፈጥሮ መርዝ አለው፤ ማብቀል አያጠፋውም። ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንተከተከ ካልፈላ፣ ከዚያም እስኪበስል ካልተቀቀለ አደጋ ነው። ቀስ ብሎ በሞቀ ውሃ ብቻ ማለስለስ ጭራሽ ያባብሰዋል።

ከበቆልት የሚመጣው ሕመም ምልክቱስ? ሳልሞኔላ በአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ይዞ ይመጣል። መርዝ የሚረጩት ኢ.ኮላይዎች ዘግየት ይላሉ፤ የጀርመኑ ወረርሽኝ ከበሉበት ቀን እስከ ሕመሙ ስምንት ቀን ገደማ ይወስድ ነበር። ከባድ ቁርጠት፣ ደም የሚቀላቀልበት ተቅማጥ፣ ትኩሳት ግን ብዙም የለም። ከቀናት በኋላ ተቅማጡ የተሻለ ሲመስል ፊት ሲገረጣ፣ ሽንት ሲያንስ፣ ፊትና እግር ሲያብጥ ኩላሊት መነካቱን ያሳያል፤ ያኔ ለነገ የማይባል ነገር ነው። ደም ያለበት ተቅማጥ ሲታይ ፋርማሲ ሄዶ አንቲባዮቲክ መግዛት አይገባም፤ ለሺጌላ የሚያድነው መድኃኒት ለእነዚህ ኢ.ኮላይዎች መርዙን እንዲረጩ ሊገፋፋቸው ይችላል፤ ለይቶ መወሰን የጤና ባለሙያው ድርሻ ነው። ተቅማጡን የሚያቆም ኪኒንም እንዲሁ። ጤና ተቋም እስኪደርሱ ድረስ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. ነው፤ ለባለሙያውም ባለፉት አሥር ቀናት የተበላ ጥሬ በቆልት ካለ ይነገረው።

የመጨረሻዋ ታሪክ ከጃፓን ናት። በ1996 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ ሳካይ በምትባል ከተማ ከ6,000 በላይ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ምሳ በሌላኛው ዝርያ፣ በኦ157 ታመሙ፤ ጥርጣሬው የፍጅል ቡቃያ ላይ አረፈ። የቡቃያ ገበያ በአንድ ሌሊት ወደቀ። የጤና ሚኒስትሩ ናኦቶ ካን ገበያውን ለማረጋጋት ጥሬውን ቡቃያ ካሜራ ፊት በሉት፤ ከ14 ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቁ። አምራቾቹ ግን መንግሥትን ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም መግለጫው በወጣበት መንገድ ተጎድታችኋል ብሎ ካሳ ፈረደላቸው።